ሳፋው ከመሞላቱ በፊት፦ የሹራቡ ሌብል ምን ይላል?

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስንወጣ አንዲት ልብስ አጥበው የሚተዳደሩ እናት በር ላይ ጠብቀውን ነበር። በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ሹራብ ይዘዋል። «ልጆቼ፣ እስቲ ይቺን ፎቶ አንብቡልኝ፤ ሳላውቅ ውኃ ውስጥ አልከተውም» አሉን። ፎቶው ላይ የሚታየው በሹራቡ ጎን ውስጥ የተሰፋች ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ነች። በላይዋ አምስት ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ በደቃቅ ፊደል ብዙ ተጽፏል። ሹራቡ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ካናዳ የሚበር ጎረቤታቸው ነው። ልጁ እዚሁ ካኩማ ገበያ ከሚቱምባ፣ ማለትም እኛ ሰልባጅ ከምንለው ክምር መርጦ ገዝቶታል፤ ብብቱ ግን ላብ ላብ ይሸታል፣ አንገቱም ቆሽሿል።

እኚህ እናት የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሹራብ በፈላ ውኃ ዘፍዝፈው፣ እንደ ጋቢ አሽተው ሲያወጡት የትልቅ ሰው ልብስ የሕፃን ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ዋጋውን ጠየቀ። ከፍለው እስኪጨርሱ ድረስ ለብዙ ቀናት የሰው ልብስ በነፃ አጠቡ። ስለዚህ ያን ዕለት ከእሳቸው ጋር ተቀምጠን ሌብሉን ያነበብንበትን መንገድ ለእናንተ ለአንባብያንም ለማካፈል ወደድን። በየቤታችን የሚገባው ልብስ አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነውና አንድ ሹራብ ላይ የሠራነው ለሌላውም ያገለግላል።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶው። ልብሱ ላይ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ይሰፋል። አንገት ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው ማርካና ቁጥሩ ነው፤ እሱ ስለ እጥበት ብዙ አይናገርም። እኛ የምንፈልገው ብዙ ጊዜ በግራ ጎን ከወገብ በታች በስፌቱ መካከል ገብቶ ይገኛል። ሱሪ ከሆነ ከወገቡ ጀርባ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ሰልባጅ ሌብሉ ይደበዝዛል፤ በባዶ ዓይን ምንም የሌለበት ይመስላል። ያኔ ጨርቁን በሁለት ጣት ወጥሮ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ ገብቶ፣ የስልኩን መብራት ሳያበሩ ማንሳት ይሻላል። መብራቱ ነጩን ጨርቅ ስለሚያንጸባርቀው የቀረውን ቀለም ያጠፋዋል። ሌብሉ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ሁለት ሦስት ሆኖ ከተደራረበ እያንዳንዱን ገጽ ከፊትም ከኋላም ማንሳት ያስፈልጋል። እሳቸው ያመጡት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ከምን እንደ ተሠራ የሚናገረው ሁለተኛው ቅጠል ላይ ስለ ነበር ሹራቡን ገልብጠን እንደገና አነሳን። በስልኩ ላይ ስናጎላው እንዲህ የሚል ተነበበ፦

```
50% WOOL
30% ACRYLIC
20% POLYAMIDE
```

የመጀመሪያው ሱፍ ነው። ሁለተኛው አክሪሊክ ይባላል፤ ሱፍ እንዲመስል በፋብሪካ የተሠራ ክር ነው። ሦስተኛው ፖሊአማይድ ሲሆን እኛ ናይለን ብለን የምናውቀው ነው። ቁጥሮቹ ከመቶ የሚታሰቡት በክብደት ነው፤ የበዛው ከላይ፣ ያነሰው ከታች ይጻፋል። ከሥሩ ያው ዝርዝር በሌሎች ቋንቋዎች ተደግሟል። እሳቸው ይህን ሁሉ ሲያዩ «ይሄ ሁሉ ነገር ተቀላቅሎበት ነው እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር። አይደለም። ሱፍ በፈረንሳይኛ ሌን፣ በጀርመንኛ ቮለ፣ በጣልያንኛና በስፓኝኛ ላና ይባላል። ቃሉ ይለዋወጣል እንጂ 50፣ 30፣ 20 የሚሉት ቁጥሮች በየቋንቋው ያው ናቸው። ስለዚህ ቋንቋው የማይታወቅ ሌብል ሲያጋጥም ቁጥሩን ተከትሎ የሚታወቀውን ቃል መፈለግ ነው።

ካፖርትና ጃኬት ላይ ግን ቁጥሩ ተደምሮ ሁለት መቶ ሲሆን ይታያል። ይህ ስሕተት አይደለም። የውጩ ጨርቅ ለብቻው መቶ፣ ገበሩም ለብቻው መቶ ሆኖ ስለሚጻፍ ነው። ገበሩ ፖሊስተር ስለ ሆነ ብቻ ካፖርቱ ሁሉ ፖሊስተር ነው ብሎ የፈላ ውኃ ውስጥ የከተተ ሰው ይጎዳል።

የተቀላቀለ ልብስ የሚታጠበው በሚበዛው ክር ልክ ሳይሆን በቀላሉ በሚጎዳው ልክ ነው። በዚህ ሹራብ ውስጥ ሱፉ ግማሽ ብቻ ቢሆንም አጠባበቡን የሚወስነው እሱ ነው። አተኳኮሱን ደግሞ ከሱፉ ይልቅ አክሪሊኩ ይወስነዋል፤ ሙቀት ሲበዛበት ስለሚለሰልስና ቅርጹን ስለሚያጣ ነው።

ሱፍ ለምን እንደሚሰበሰብ ማወቅ የቀረውን ሁሉ ያቀልላል። ሱፍ የበግ ጠጉር ነው። እያንዳንዱ ጠጉር ሲታይ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ደቃቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። በውኃ ሲርስና ሲሞቅ ቅርፊቶቹ ይነሣሉ። ከዚያ ልብሱ ሲታሽ አንዱ ጠጉር በሌላው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ቅርፊቱ ይይዘዋል። እሽታው በቀጠለ ቁጥር ጠጉሮቹ እየተቆላለፉ ይሄዳሉ፤ ልብሱም ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ይጠጥራል። በአገራችን ባና የሚሠሩ ሰዎች ሱፉን በውኃ እያራሱ የሚረግጡት ይህንኑ ፈልገው ነው። ሹራብ ላይ ሲሆን ግን ጥፋት ነው። መጀመሩ የሚታወቀው የሹራቡ የጥልፍ መስመር መደብዘዝ ሲጀምርና ጨርቁ በእጅ ሲያዝ ወፈር ሲል ነው። እዚያ ላይ ማቆም ይገባል። አንዴ ከተቆላለፈ በኋላ ስቦ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ብልሃት የለም።

ስለዚህ ሱፍን የሚያበላሸው ሙቀት ብቻውን አይደለም፤ እሽታውም እኩል ያበላሸዋል። ይህን ይዘን ወደ ሥዕሎቹ እንሂድ።

ሥዕሎቹ አምስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሳፋ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ካውያና ክብ። የማጠብ፣ የማንጣት፣ የማድረቅ፣ የመተኮስና የላውንደሪ ማለት ነው። እነዚህን ሥዕሎች ያወጣው በ1963 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ጂኔቴክስ የሚባል የአውሮፓ ድርጅት ነው፤ ሐሳቡም ቋንቋ የማያውቅ ሰው እንዲያነባቸው ነበር። ማንኛውም ሥዕል ላይ ኤክስ ከተሰመረበት «አይደረግ» ማለት ነው። ይህን ያህሉን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። የሚያደናግረው ዝርዝሩ ነው።

በእኛ ሹራብ ላይ ሳፋው ውስጥ 30 ተጽፏል፤ ከሳፋው ሥር ደግሞ ሁለት አግዳሚ መስመሮች አሉ። 30 የሚለው የውኃው ሙቀት በዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በሠላሳ እጠቡ የሚል ትእዛዝ ሳይሆን ከዚያ አትለፉ የሚል ወሰን ነው፤ ከዚያ በታች ማጠብ ሁልጊዜ ይቻላል። በአሜሪካ ልብሶች ላይ በቁጥሩ ፈንታ ነጥቦች ይገኛሉ። አንድ ነጥብ 30፣ ሁለት ነጥብ 40፣ ሦስት ነጥብ 50 ዲግሪ ነው፤ ነጥቡ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል።

ሁለቱን መስመሮች ብዙ ሰው ጌጥ እየመሰለው ያልፋቸዋል። የተጻፉት ለልብስ ማጠቢያ መኪና ነው። መስመር ከሌለ መኪናው እንደ ልማዱ ያሽከርክር፣ አንድ መስመር ካለ ቀስ ይበል፣ ሁለት ካሉ እጅግ ቀስ ይበል ማለት ነው። እዚህ መኪና የለንም ብሎ መተው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። መኪናው የኛ እጅ ነው። መስመር የሌለውን ሳፋ እንደ ልማዳችን እናሸዋለን። አንድ መስመር ያለውን በቀላሉ እናሸዋለን፣ አንጠመዝዘውም። ሁለት መስመር ያለውን ጨርሶ አናሸውም፤ በውኃ ውስጥ እየተጫንን ብቻ እንለቀዋለን። ሳፋው ውስጥ እጅ የተሳለበት ልብስም እንደዚሁ ነው፤ «በእጅ ይታጠብ» ማለት «እንደ ፈለጋችሁ እሹት» ማለት አይደለም፣ ውኃውም ከ40 ዲግሪ አይለፍ። እኚህ እናት ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔን ያከሰረኝ ታዲያ ውኃው ብቻ አይደለማ፤ ክንዴም ነው» አሉ። ትክክል ናቸው።

ሙቀት መለኪያ ሳይኖር ሠላሳውንና አርባውን እንዴት እናውቃለን? በጣሳ ነው። በጥላ ያደረ የጀሪካን ውኃ 28 ዲግሪ ያህል ነው ብለን እንነሣ። አምስት ጣሳ ከእሱ ሳፋ ውስጥ ካደረግን በኋላ አንድ ጣሳ የሚንፈቀፈቅ ውኃ ብንጨምርበት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ለ60 ዲግሪ አምስት ጣሳ ቀዝቃዛ ከአራት ጣሳ የፈላ ይቀላቀላል። ምንጊዜም ቀዝቃዛው ይቅደም፣ የፈላው ይከተል፣ ይማሰል፣ ከዚያ በኋላ ልብሱ ይግባ። ልብሱ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ በኋላ ቢቀዘቅዝም፣ ያረፈበትን ቦታ ያበላሻል። ማረጋገጫው ክርን ነው። እናቶች ሕፃን ሲያጥቡ እንደሚያደርጉት ክርን ተነክሮ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማው ውኃው የሰውነት ሙቀት ገደማ ነው፤ ይህም ከ40 ጥቂት ያነሰ ነው። ለ30 ዲግሪ ደግሞ ክርኑ ትንሽ ቀዝቀዝ ሊለው ይገባል።

እንግዲህ ለሠላሳ ዲግሪ ልብስ እሳት ማንደድ ጨርሶ አያስፈልግም፤ የጥላው ውኃ እንዳለ ይበቃል፣ ማገዶም ይተርፋል። እንዲያውም በካኩማ የሚያሰጋው ፀሐዩ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ወይም በጋለ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውኃ ምንም እሳት ሳይነካው ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ለሱፍ ማለዳ መቅዳት ነው።

ከማጠባችን በፊት ሹራቡን የተቀደደ የዕርዳታ ካርቶን ላይ ዘርግተን ዙሪያውን በእርሳስ ከበብነው። ምክንያቱን ኋላ እንነግራችኋለን። ከዚያ አሥር ሊትር ያህል ውኃ ሳፋ ውስጥ አድርገን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የጠጉር ሻምፖ በጠበጥንበት። የልብስ ዱቄት ሳሙናና ባር ሳሙና ለጥጥ ጥሩ ናቸው፤ ለሱፍ ግን ይከብዱታል፣ ያደርቁታል። ሱፍ ጠጉር ስለ ሆነ ለጠጉር የተሠራው ይስማማዋል። ሹራቡን ገልብጠን አጠለቅነው፤ እየተጫንን ለቀቅን። አንገቱንና ብብቱን በአረፋው በጣት ጫፍ መታ መታ አደረግን እንጂ አላሸንም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አወጣነው። ማለቅለቂያው ውኃ ከማጠቢያው ጋር እኩል ሙቀት ያለው ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት መውሰድ ሱፉን እንዲሰበሰብ ያግዘዋል። ሁለት ጊዜ ስናለቀልቀው አረፋው ጠፋ።

ሁለተኛው ሥዕል ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ኤክስ ተሰምሮበታል። በረኪና አይነካው ማለት ነው። በሱፍ ላይ ይህ ለይምሰል የተጻፈ አይደለም። በረኪና ሱፍን መጀመሪያ ቢጫ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይበላዋል፤ ጠንከር ባለ በረኪና ውስጥ የቆየ የሱፍ ክር ሟምቶ ይጠፋል። ሐርም እንዲሁ ነው። ባዶ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ማንኛውም ማንጫ ይፈቀዳል። ውስጡ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ካሉት ደግሞ ክሎሪን የሌለበት ማንጫ ብቻ ነው፤ ተራው በረኪና ክሎሪን ያለበት ስለ ሆነ እዚህ ላይ አይገባም።

ሦስተኛው አራት ማዕዘን ነው። በመካከሉ ክብ ካለ ስለ ማድረቂያ መኪና ነውና እኛን አይመለከትም። የኛው ግን በመካከሉ አንድ አግዳሚ መስመር ነበረው፤ «ተዘርግቶ ይድረቅ» ማለት ነው። መስመሩ ቁልቁል ከሆነ በገመድ ይሰጣል። በግራው ማዕዘን ሁለት ትናንሽ ሰያፍ መስመሮች ካሉ ጥላ ላይ ይሁን ማለት ነው። የሱፍ ሹራብ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ በገመድ ላይ ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ እጅጌው እስከ ጉልበት ይወርዳል፣ ትከሻው ላይም የገመዱ ምልክት ይቀራል። ብዙ ሰው እጥበቱን በትክክል ጨርሶ እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው።

ሹራቡን ሳንጠመዝዝ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለን ተጫንነው፤ ፎጣው ውኃውን ጠጣ። ከዚያ በጠፍር አልጋ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፈን ዘረጋነው። ከሥሩ አየር ስለሚገባ ከመሬት ላይ ሰሌን ይልቅ ይህ ይሻላል፤ የካኩማን አቧራ ለምታውቁ ደግሞ ቤት ውስጥ መሆን እንዳለበት መናገር አያስፈልግም። አሁን ካርቶኑ አገለገለ። የተሳለውን ቅርጽ ከአጠገቡ አድርገን እጅጌውንና ወገቡን በእጃችን እያቀናን ከመስመሩ ጋር አስተካከልነው። ርጥብ እያለ እንዳቀኑት ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን እምቢ ይላል።

አራተኛው ካውያ ነው፣ በውስጡ አንድ ነጥብ አለ። አንድ ነጥብ ዝቅተኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሦስት ከፍተኛ ሙቀት ነው። የከሰል ካውያችን ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ጣት በውኃ ነክሮ አንድ ጠብታ ካውያው ላይ ማስነካት ነው። ጠብታው ተንጫጭቶ ከዘለለ ለአንድ ነጥብ እጅግ ሞቋል። ቀስ እያለ ከተነነ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ በመካከሉ ይነጠፍ፣ መጀመሪያም በውስጥ በኩል በማይታይ ጥግ ይሞከር። በእኛ አስተያየት አክሪሊክ ያለበትን ሹራብ በከሰል ካውያ ከመንካት ሳይተኮስ መልበስ ይሻላል። ሹራብ ሲታጠፍ እንጂ ሲተኮስ ያምራል ያለ ማንም የለም።

መጨረሻው ክብ ነው፣ በውስጡ ፒ የሚል የላቲን ፊደል አለበት። ይህ ለላውንደሪ ቤቶች የተጻፈ ነው፤ ያለ ውኃ በምን ዓይነት ፈሳሽ እንደሚያጥቡት ይነግራቸዋል። ሳፋው ላይ ኤክስ እስከሌለ ድረስ በውኃ ማጠብን አይከለክልም። አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ። «በደረቅ ይታጠብ» የሚል ልብስ አግኝተው ቤንዚን ወይም ላምባ የተጠቀሙ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። የላውንደሪው ፈሳሽና መኪናው ሌላ ነው። ቤንዚን ቤት ውስጥ ሲተን ጭሱ አይታይም፤ በወለል ላይ ተስቦ ጎረቤት ምድጃ ድረስ ይደርሳል። ቤቶቻችን እንዴት ተጠጋግተው እንደተሠሩ ታውቃላችሁ። ሳፋው ላይ ኤክስ ያለበትን ልብስ ንፋስ ላይ ማናፈስ፣ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ካልሆነም ከመግዛት በፊት ሌብሉን አይቶ መተው ነው።

እኚህ እናት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ያነሡት ጥያቄ ግን ከሁሉ የከበደን ነበር። «ሰልባጅ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። እከክና ቅማል ቢኖርበትስ? እኔ የማፈላው ለዚያ ብዬ ነው።» አባባላቸው እውነት አለበት። ሌብሉ የሚናገረው ልብሱን የማይጎዳውን እንጂ ሰውን የማይጎዳውን አይደለም። የጥጥ ልብስ ሳፋው ላይ 60 ካለበት በዚያ ሙቀት መታጠቡ ይበቃዋል። ሱፍና የመሳሰለው ግን ከውኃ ይልቅ በጊዜ ይጸዳል። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ልብሱን አየር በማያስገባ ላስቲክ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ውስጥ አድርጎ ለአንድ ሳምንት መተው ነው። ለቅማልና ለቅጫም ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል። ልጁ ሊሄድ አሥር ቀን ብቻ ስለ ቀረው የእሱን ሹራብ ለአንድ ሳምንት ዘግተን አስቀመጥነው፤ ቅማልም ቅጫምም በስፌቶቹ ውስጥ እንደሌለ አስቀድመን በፀሐይ ብርሃን ፈትሸን ነበር። ያጠብነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌብሉ ተቆርጦ የጠፋበት ልብስም ይገጥማል፤ ገበያ ላይ እንዲያውም ይህ ይበዛል። ያን ጊዜ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዞ፣ ከቤት ወጥቶ፣ በቆርቆሮ ላይ ይዞ ክብሪት ማስነካት ይቻላል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱ ቶሎ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ልም አመድ ይተዋል። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጣሉ፤ ሲበርዱ እንደ ዶቃ ይጠጥራሉ። የቀለጠው ሲንጠባጠብ ሥጋ ላይ ስለሚጣበቅ ክሩን በጉጠት እንጂ በጣት መያዝ አይገባም፤ ለልጆችም የሚተው ሥራ አይደለም። የተቀላቀለ ክር ሁለቱንም ጠባይ ያሳያል፤ የጠጉር ሽታ ካለ የቀረው ምንም ይሁን እንደ ሱፍ ማጠብ ነው። ቪስኮስ ወይም ሬዮን የሚባለው ግን በዚህ ዘዴ ከጥጥ አይለይም፤ እሱም እንደ ወረቀት ነው የሚነድደው። በሴቶች ቀሚስ ላይ ይበዛል። ሲርስ ጉልበቱን ስለሚያጣ ከተጠመዘዘ ይቀደዳል። ስለዚህ ሌብል የሌለው፣ ልስልስ ብሎ የሚወርድ ቀሚስ ካጋጠማችሁ ጥጥ ነው ብላችሁ አትጭመቁት።

ሹራቡ በሁለተኛው ቀን ደረቀ። ካርቶኑ ላይ መልሰን ስናስተኛው ወገቡ በትክክል ገጠመ፤ የግራ እጅጌው ብቻ ከመስመሩ ጣት ያህል አልፎ ወጥቷል። እኚህ እናት የሌብሉን ፎቶ ከሌሎች ሦስት ደንበኞቻቸው ፎቶዎች ጋር ስልካቸው ላይ አስቀምጠውታል። አሁን ልብስ ሲቀበሉ ባለቤቱ ፊት ሌብሉን ያነሣሉ፤ የጠፋ ከሆነም የጠፋበትን ቦታ ያነሣሉ። ያልገባው ሌብል ያለው ሁሉ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥቶ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ ቢል አብረን እናነባለን። ልብሱን ማምጣት አያስፈልግም፤ ፎቶው ይበቃል።